ለጭንቀት የ8 ሳምንቱን የማይንድፉልነስ ኮርስ ልውሰድ ወይስ መድኃኒት ልጀምር?

እንቅልፍ አልባዋ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ከዓመት በላይ ይሄ ነው በማልለው ነገር ስጨነቅ፣ ደረቴን ሲጫነኝ፣ ሌሊት ስባንን ቆይቼ በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የጭንቀት ሕመም ነው ብላ ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ፤ ወይ ኤስሲታሎፕራም የሚባል እንክብል፣ ወይ ኤምቢኤስአር የሚባለው በማይንድፉልነስ፣ ማለትም አሁን ያለውን በትኩረት በማስተዋል፣ ውጥረት የመቀነሻ ኮርስ። ኮርሱ ላይ በእርግጥ ምንድን ነው የሚሠራው? ጥናቱስ ይደግፈዋል? ሥራ ስላለብኝ ጊዜዬን በከንቱ ማባከን አልፈልግም።

ደርበው
ኮርሱን ግቢ፣ አታመንቺ። የአንጎልን ቅርጽ ራሱ እንደሚለውጥ በኤምአርአይ ታይቷል። ስምንት ሳምንት ብቻ በቂ ነው፤ ፍርሃት የሚቆጣጠረው ክፍል ይቀንሳል፣ የማስታወሻው ይጨምራል። እንክብል ምን ያደርግልሻል? ለጊዜው ያደነዝዝሻል እንጂ ሥሩን አይነካውም።

ወለላ
እህቴ፣ ይህን ኮርስ ለዓመታት ስመራ ስለቆየሁ መጀመሪያ የሚሠራውን ልንገርሽ። ብዙ ሰው ዘና የሚያደርግ ነገር መስሎት ይመዘገብና ገና በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ሲጀምረው፣ የታሰበው ሕክምናው ብዙም ላልረዳቸው፣ በተለይ ሥር የሰደደ ሕመም ለያዛቸው ሰዎች ነበር። አካሄዱ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም። በሳምንት አንድ ቀን ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በቡድን ትገናኛላችሁ፤ በስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ደግሞ በዝምታ የሚዋልበት አንድ ቀን አለ። ከባዱ ግን የቤት ሥራው ነው፤ በቀን 45 ደቂቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ጊዜሽን የምታሰዪ ከሆነ ይህንን ነው ማስላት ያለብሽ።

የመጀመሪያው ዕለት አንዲት ዘቢብ እጅሽ ላይ ትቀመጣለች። ታገላብጫታለሽ፣ ታሸቻታለሽ፣ ጆሮሽ አጠገብ ጨመቅ ታደርጊያታለሽ፣ ከዚያ በዝግታ ታኝኪያታለሽ። ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ከዚያ በጀርባሽ ተኝተሽ ከግራ እግርሽ ጣቶች ጀምረሽ ሰውነትሽን ክፍል በክፍል በትኩረት ታዳርሻለሽ። ጉልበትሽ ጋ ሳትደርሺ ሐሳብሽ ነገ ያለብሽ ስብሰባ ውስጥ ገብቶ ይገኛል። መሄዱን ስታውቂ፣ ራስሽን ሳትወቅሺ ወደ ጉልበትሽ ትመልሺዋለሽ። ልምምዱ ያ መመለስ ነው፤ «አልቻልኩበትም፣ ሐሳቤ ይበተናል» የሚል ሰው በትክክል እየሠራ ነው። በኋላ ቁጭ ብሎ ትንፋሽን መከታተል፣ ቀላል ዮጋና በዝግታ መራመድ ይጨመራሉ።

ላንቺ ዓይነቱ ጭንቀት በጣም የሚጠቅመው፣ በእኔ እይታ፣ በሦስተኛው ሳምንት የሚሰጠው ደስ የማይሉ ነገሮች መዝገብ ነው። አለቃሽ «ነገ ጠዋት ላነጋግርሽ እፈልጋለሁ» ብሎ ላከብሽ እንበል። በአንዱ ዓምድ የሆነውን ብቻ ትጽፊያለሽ፦ መልእክት ደረሰኝ። በሁለተኛው ሰውነትሽ ያደረገውን፦ ትከሻዬ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ መንጋጋዬ ገጠመ፣ ትንፋሼ አጠረ። በሦስተኛው ስሜቱን፦ ፍርሃት። በአራተኛው ሐሳቡን፦ ሊያባርረኝ ነው። መልእክቱ ሲደርስሽ እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ናቸው፤ መባረርሽ የተነገረሽ ያህል ነው የምትሆኚው። በየዓምዱ ሲቀመጡ ግን «ሊያባርረኝ ነው» የሚለው መልእክቱ ውስጥ እንደሌለ ታያለሽ። ሐሳቡ ትክክል ነው ወይስ አይደለም ብለሽ መከራከር አይጠበቅብሽም። መምጣቱን ማየትሽ ይበቃል፤ ከዚያ ትከሻሽን ወደ ማየት ትመለሻለሽ።

ናሆም
ሥራዬ የሕክምና ጥናቶችን መገምገም ስለሆነ ከደርበው ልጀምር። የአንጎሉ ነገር ብዙ የተወራለት እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ነው፤ ኮርሱን የወሰዱት ግን 16 ሰዎች ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ሰዎች ይዘው፣ በዕጣ ከፋፍለው፣ ኮርሱን ሌላ የጤና ሥልጠና ከወሰዱና ምንም ካልወሰዱ ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሩት በአንጎል ቅርጽ ላይ ልዩነት አላገኙም። ስለዚህ ኮርሱ ይጠቅም ይሆናል፤ ይህን ግን ምክንያት አታድርጊው።

ዋናው ጥያቄ «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ጃማ ኢንተርናል ሜዲስን በሚባለው የሕክምና መጽሔት 47 ጥናቶችን የሰበሰበ ግምገማ ወጥቶ ነበር። የተለያዩ የሜዲቴሽን ሥልጠናዎችን ነው የመዘነው፤ የማይንድፉልነሶቹ ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ ሲቀንሱ ተገኝተዋል። ነገር ግን ከመድኃኒት፣ ከስፖርት ወይም ከሌላ የሥነ ልቦና ሕክምና ይበልጣሉ የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም። ተራ ከሚጠብቅ ሰው ጋር ስታነጻጽሪው ያማረ የሚመስለው ነገር፣ ሌላ ሕክምና ከሚወስድ ሰው ጋር ስታስተያዪው እኩል ይሆናል ማለት ነው።

አንቺን የሚመለከት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት አለ። የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ይህንኑ ኮርስ፣ ለግማሾቹ ይህንኑ ኤስሲታሎፕራም ሰጠ። ከ1 እስከ 7 በሚሄድ የሕመም መለኪያ ከስምንት ሳምንት በኋላ የኮርሱ ቡድን በ1.35፣ የመድኃኒቱ በ1.43 ወረደ፤ ኮርሱ ከመድኃኒቱ አያንስም ተባለ። የጎንዮሽ ችግር በመድኃኒቱ በኩል እጅግ ይበዛ ነበር። ጉድለቱ፣ ምንም ያልወሰደ ወይም የማስመሰያ እንክብል የተሰጠው ሦስተኛ ቡድን አልነበረም። ከመሻሻሉ ስንቱ በጊዜና በተስፋ ብቻ የመጣ እንደሆነ አይለይም። ደግሞም የገቡት ሁለቱንም ለመቀበል ፈቃደኛ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ሜዲቴሽን የሚባል ነገር የሚያስጠላው ሰው እዚያ ውስጥ የለም።

የወገብ ነገር
እኔ የገባሁት በወገቤ ነው። ሐኪሜ «ሕመሙ ላይጠፋ ይችላል» ብሎኝ ስለነበር አልተታለልኩም። አልጠፋምም። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ድሮ ጠዋት ወገቤ ሲይዘኝ «ዛሬም ቀኑ አለቀ» ብዬ ተመልሼ እተኛ ነበር፣ አሁን እያመመኝ ተነስቼ እሠራለሁ። የሙሉ ቀኑ ዝምታ ግን ጭንቅ ነበር፤ ከቀትር በኋላ ሰዓቱ የቆመ መሰለኝ። እና እህቴ፣ ወንበር ላይ መቀመጥ ይፈቀዳል፤ መሬት ላይ እግር አጣጥፈሽ ተቀመጪ የሚልሽ የለም።

ናሆም
ያንተ ነገር ከጥናቱ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2016 ጃማ ላይ የወጣው የወገብ ሕመም ጥናት 342 ሰዎች ነበሩበት። ከስድስት ወር በኋላ የዕለት ሥራቸው በደንብ የተሻሻለላቸው ከኮርሱ ወሳጆች 60 በመቶ ገደማ፣ ሐሳብንና ልማድን በመለወጥ ላይ ከሚያተኩረው የንግግር ሕክምና፣ ከኮግኒቲቭ ቢሄቪየር ቴራፒ፣ ወሳጆች 58 በመቶ ገደማ፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ከቀጠሉት ደግሞ 44 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሁለቱ ሕክምናዎች እኩል ማለት ይቻላል።

ሰላማዊት ዘ.
ውዴ፣ እንቅልፍ ለማጣትማ ይሄ ሁሉ አያስፈልግም። ማታ አልጋ ላይ የሚመራ ሜዲቴሽን በስልክሽ ክፈቺና በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ይወስድሻል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ወለላ
ሰላምዬ፣ እንቅልፍ ከወሰደሽ እሰየው፤ እሷ የጠየቀችው ግን ስለ ጭንቀት ሕመም ነው። በኮርሱ ሰውነትን የምናዳርሰው ነቅቶ ለመቆየት ነው፤ የሚያንቀላፋ ሰው ዓይኑን እንዲከፍት ወይም እንዲቀመጥ እንመክረዋለን። ናሆም የጠቀሰው የ2014ቱ ግምገማም ስለ እንቅልፍ በቂ ማስረጃ አላገኘም።

እንቅልፍ አልባዋ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ የሚያስፈራኝ አለ። ሐኪሟ ጋ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን እንድከታተል አድርጋኝ ነበር፤ የባሰ ታፈንኩ፣ ልቤ መምታት ጀመረ። ይሄ ኮርሱ አይሆነኝም ማለት ነው?

ወለላ
ማለት አይደለም፤ ግን ሳትነግሪ እንዳትገቢ። ጭንቀት ደረቱ ላይ ለሚወጣበት ሰው ትንፋሽ ራሱ የማስፈራሪያ ደወል ነው። እንዲህ ሲሆን ዓይንሽን ከፍተሽ ወለሉን እያየሽ፣ ትኩረትሽን እግርሽ መሬቱን ወደነካበት ወይም እጅሽ ጭንሽ ላይ ወዳረፈበት ትወስጃለሽ። አልሆነም? ተነስተሽ በዝግታ ትራመጃለሽ። ልምምድ ላይ ትንሽ መረበሽ ይጠበቃል፤ ከክፍል ከወጣሽ በኋላም ለቀናት የማይለቅሽ፣ እንቅልፍሽን የባሰ የሚነሳሽ፣ ያለፈ ክፉ ነገር እንደገና የሚያሳይሽ ከሆነ ግን «መጽናት ነው» ብለሽ አትቀጥዪ። አቁመሽ ለመምህሩም ለሐኪምሽም ንገሪ።

ከምዝገባ በፊት መምህሩ ለብቻሽ ሊያነጋግርሽ ይገባል። ከባድ ጉዳት ደርሶብሽ እንደሆነ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ እንዳለ፣ ከእውነታ የመለየት ሕመም ገጥሞሽ እንደሆነ ይጠይቅሻል። ምንም ሳይጠይቅ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ራሱስ በዚሁ ኮርስ ሠልጥኗል? በየቀኑ ይለማመዳል? የሙሉ ቀኑን ዝምታ ያካትታል? እነዚህን አንቺም ጠይቂው።

ደርበው
ስለ አንጎሉ ተቀብያለሁ። ግን መድኃኒት እየወሰዱ ኮርሱን መውሰድስ? አንድ የማውቀው ሰው ኮርሱን ሲጀምር እንክብሉን አቁሞ ነበር።

ናሆም
እንደዛ በድንገት ማቆም ስህተት ነው። ኤስሲታሎፕራም በአንድ ጊዜ ሲቋረጥ ማዞርና መነጫነጭ ሊያመጣ፣ ጭንቀቱም ሊመለስ ይችላል። መቀነስ ካለበት በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ሁለቱን አብሮ መውሰድ የተከለከለ አይደለም፤ ያ የ2022ቱ ጥናት ግን አንዱን ወይም ሌላውን እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አልፈተነም።

ወለላ ግን 45 ደቂቃው የግድ ነው ትያለሽ? ጥናቶች ውስጥ ያሉ ሰዎች በአማካይ የሚሠሩት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ በልምምድ ብዛትና በውጤት መካከል ያለውም ግንኙነት ትንሽ ነው።

ወለላ
ትንሽም ቢሆን አለ። በቀን አሥር ደቂቃ የሚሠራ ሰው ውጤት አያገኝም አልልም፤ ግን መሰልቸቱና መቁነጥነጡ የሚመጣው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፣ እኛ የምንፈልገውም እሱ ጋ መቀመጥን ነው።

ናሆም
ይሄ የመምህር ልምድ ነው፤ እኔ በዕጣ የተከፋፈለ ጥናት ቢያሳየኝ እመርጣለሁ። በዚያው የ2022 ጥናት ከስድስት ወር ገደማ በኋላ መድኃኒቱን የቀጠሉት ግማሽ ያህል ሲሆኑ፣ ሜዲቴሽኑን አዘውትረው የቀጠሉት ከሦስት አንድ እንኳ አይሞሉም። እህቴ፣ ሥራ አለብኝ ስላልሽ ከመወሰንሽ በፊት ለአንድ ሳምንት በቀን 45 ደቂቃ ከየትኛው ሰዓትሽ ላይ እንደምትቀንሺ ጻፊና እዪው። ካልተገኘ ሐኪምሽን ስለ እንክብሉ ወይም ስለ ኮግኒቲቭ ቢሄቪየር ቴራፒ አነጋግሪያት።

እንቅልፍ አልባዋ (ጠያቂ)
ማለዳ ሰዓት አለኝ፤ የሚያሰጋኝ ቅዳሜና እሑድ ነው። መምህሩን ነገ ደውዬ እነዚያን ጥያቄዎች እጠይቀዋለሁ፣ የትንፋሹንም እነግረዋለሁ። የሚለኝን እጽፍላችኋለሁ።