ክርክር፦ ለ13 ዓመቷ ልጅ ስልክ ወይስ ሳይክል?

ጠያቂዋ፦ የእህቴ ልጅ 13 ዓመት ሞላት። ሰባተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳለች። ለእንቁጣጣሽ ደህና ነገር ልሰጣት ፈልጌ ነበር። አሻንጉሊቶቿን በካርቶን ሰብስባ ለጎረቤት ልጅ ሰጥታለች። ሽቶና የእጅ ቦርሳ ስል ደግሞ እናቷ «ገና ናት» ትለኛለች። ስልክ ልግዛላት ወይስ ሳይክል? ቤታቸው እዚሁ ባህር ዳር፣ ሽምብጥ ነው።

የሁለት ልጆች አባት፦ ስልክ ግዢላት። ዘንድሮ ሁሉ ነገር በስልክ ሆኗል። የኔዋ ያልገባትን ሒሳብ ዩቲዩብ ላይ እያየች ነው የምትሠራው። እናትየዋም ሥራ ቦታ ሆና «የት ደረስሽ?» ብላ መጠየቅ ትችላለች። ደግሞ ፌስቡኩም ቲክቶኩም ከ13 ዓመት ጀምሮ ይፈቅዳሉ። ዕድሜው ባይደርስ ኖሮ አይፈቅዱም ነበር።

መምህርቷ፦ ወንድሜ፣ ስለ ሒሳቡ ያልከው ልክ ነው። ተማሪዎቼም እንደዚያ ያደርጋሉ። 13 የምትለዋ ቁጥር ግን የልጅ አእምሮ ተለክቶ የወጣች አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ አንድ ሕግ ወጣ። ከ13 ዓመት በታች ያለ ልጅን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ መሰብሰብ ይከለክላል። ኩባንያዎቹ ከየወላጁ ፈቃድ ከመለመን ይልቅ «ከ13 በታች አትግቡ» ማለት ቀለላቸው። ልጅ ደርሳለች አልደረሰችም የሚለውን እነሱ አልመረመሩልንም። ለመደወል ከሆነ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃታል። ቪዲዮውን በእናቷ ስልክ ሳሎን ቁጭ ብላ ትየው።

የሁለት ልጆች አባት፦ የእናቷ ስልክ እኮ ከእናቷ ጋር ሥራ ቦታ ነው የሚውለው። የቤት ሥራ የሚሠራው ደግሞ ከሰዓት ነው።

መምህርቷ፦ እሱስ እውነትህን ነው። ማታውን ነው የምታገኘው።

የዘጌዋ እናት፦ ልጄ፣ እኔ ለልጅ ልጄ 13 ሲሞላት የሰጠኋት ስድስት የቡና ችግኝ ነው። ጉድጓዱን ራሷ ቆፍራ ተከለችው። ቡና በሦስት በአራት ዓመቱ ነው ፍሬ የሚይዘው። 16፣ 17 ሲሞላት የራሷን ቡና ለቅማ ትሸጣለች። አሁን ጠዋት ጠዋት ሳታያቸው አትውልም። አንዱ ደርቆባት አልቅሳለች። አንቺም እንደዚህ አድርጊላት።

ጠያቂዋ፦ እማማ፣ እንዴት ደስ ይላል! እነሱ ግን ያሉት ኪራይ ቤት ነው። አከራያቸው ጎመን እንኳ አያስተክላቸውም።

የድባንቄው፦ ሳይክል ነው እንጂ! ከተማችን ሜዳ ናት። ወደ ቤዛዊት ካልወጣሽ በቀር ዳገት የሚባል ነገር የለም። ግን ስትገዢ ትልቁን ግዢ። ባለ 26 ጎማ፣ ከፍ ያለ ፍሬም ያለው። ትንሽ ከገዛሽ በዓመቱ ይጠባታል። ልብስስ ቢሆን ለልጅ ሰፋ ተደርጎ አይደል የሚገዛው?

የፖሊ ተማሪ፦ እባካችሁ ይሄን አታድርጉ። አባቴ በ13 ዓመቴ እንደዚያ ብሎ ትልቅ ሳይክል ገዛልኝ። ስቆም እግሬ መሬት አይደርስም። አንድ ቀን ባጃጅ ድንገት ፊቴ ቆመ። ፍሬን ያዝኩ፣ ሳይክሉ ቆመ። መሬት ልረግጥ ስል ግን እግሬ አልደረሰም፤ ወደ አስፋልቱ ወደቅኩ። አገጬ ላይ ጠባሳው አሁንም አለ። ከዚያ ሁለት ዓመት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። አባቴ ስጦታውን የናቅኩበት መስሎት ነበር። ፈርቼ ነው ማለት ግን አፈርኩ።

ሳይክል ጠጋኙ፦ ይቺ ልጅ ያለችው ነገር በየሳምንቱ ደጄ ይመጣል። በሥራው ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሳይክል እንደ ልብስ ሰፋ ተደርጎ አይገዛም። ልብስ ቢሰፋ ይታጠፋል፤ ፍሬም አይታጠፍም። የሚያድገው ኮርቻው ነው። የኮርቻው ቧንቧ ወደ ላይ ይሳባል፣ እሱ ላይ የተቀረጸ መስመር አለ። መስመሩ ከፍሬሙ ውጭ እስኪታይ ድረስ አይሳብም፤ ከዚያ ካለፈ ይሰበራል። ስለዚህ ዛሬ ልኳ የሆነውን ግዢና በየጊዜው ኮርቻውን ከፍ አድርጊ።

የድባንቄው ወንድሜ ስለ ጎማው ግን ግማሽ እውነት አለው። ቁመቷ 150 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ባለ 26 ጎማ ይሆናታል። ከዚያ በታች ከሆነች ባለ 24 ይሻላል። ነገር ግን ከጎማው ይልቅ መካከለኛው ብረት ከመሬት ምን ያህል ይርቃል የሚለው ይበልጣል። ልኬቱን እንዲህ አድርጊው። ባዶ እግሯን ጀርባዋን ግድግዳ አስደግፈሽ አቁሚያት። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በእግሮቿ መካከል ጠበቅ አድርጋ ወደ ላይ ትያዘው። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለኪና ንገሪኝ።

ነርሷ፦ እኔ በጤና በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ሴትና ወንድ በዚህ ዕድሜ እኩል አያድጉም። ሴት ልጅ ቁመቷ በፍጥነት የሚጨምረው አብዛኛውን ጊዜ 11፣ 12 ዓመት አካባቢ ነው። የወር አበባ ካየች በኋላ የሚቀራት ከአምስት እስከ ሰባት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ወንድ ልጅ ግን በ13 ገና መጀመሩ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ለእሷ ዛሬ ልኳን ብትገዢ ለዓመታት ያገለግላታል። ለወንድ ቢሆን ኖሮ የድባንቄው ስጋት ይገባኝ ነበር። ሁሉም ልጅ ግን አንድ አይደለም፤ እናቷን ጠይቂ።

የአራት ልጆች እናት፦ ሁላችሁም ስለ ብረቱ ታወራላችሁ። ባጃጁስ? በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ለሳይክል የራሱ መስመር አለው፣ እሰየው። ከድልድዩ ሲወረድ ግን ልጅቷ ከመኪናው ጋር ናት። ሴት ልጅ ትንዳ አትንዳ አይደለም ነገሬ፤ ባህር ዳር ሴቱም ወንዱም ነው የሚነዳው። ሲመሽ ነው የምፈራው።

ሳይክል ጠጋኙ፦ ትክክል ነው እህቴ። መጀመሪያ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ትሂድ። አደባባይ ላይ ትውረድና እየገፋች ትሻገር። ሄልሜት ይኑራት። ለማታው እኔም መልስ የለኝም፤ መብራት ቢኖራትም አመሻሽ ላይ አልልክም።

ጠያቂዋ፦ ጋሼ፣ ዩኒፎርም ላሰፋልሽ ነው ብዬ ለካኋት። ቁመቷ 152 ነው። መጽሐፉ ጋ 70 ሴንቲ ሜትር መጣ።

ሳይክል ጠጋኙ፦ ጎበዝ። እንግዲህ ባለ 26 ይሆናታል። መካከለኛው ብረት ከመሬት 65፣ ቢበዛ 67 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሁለት እግሯን አንፈራጥጣ ስትቆም ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋታል። ስለዚህ ብረቱ ወደ ታች የጎበጠውን ፈልጊ። ኮርቻው ፔዳሉ ከሚዞርበት መሐል 62 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ትክክል መሆኑን በተረከዟ ታውቂያለሽ። ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዟን ስታስቀምጥበት እግሯ ቀጥ ማለት አለበት። የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት ግን ዝቅ አድርጊላት፣ የሁለቱም እግሯ ጣቶች መሬት ይንኩ።

ሌላም አለ። ሳይክሉን ብቻ አትስጫት። ትንሽ ቦርሳ አዘጋጂ። 15 ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ፣ ጎማ ማውጫ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ማስቲሽ፣ ጥቂት ፓች፣ ፖምፓ። እኔ ጋ አምጫትና ከመነዳሪ መጠገን በአንድ ጠዋት አስተምራታለሁ። ጎማ በፈነዳ ቁጥር አባት ወይ አጎት የሚጠበቅ ከሆነ ሳይክሉ የአባትየው ነው የሚሆነው።

የፖሊ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኔ ስጠግን ፓቹ ሁልጊዜ በማግስቱ ይለቃል። ለምንድን ነው?

ሳይክል ጠጋኙ፦ ማስቲሹን ቀብተሽ ወዲያው ትለጥፊያለሽ፣ አይደል? ሁሉም ልጅ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ነፋስ ሞልተሽ ውኃ ውስጥ ክተቺው፣ አረፋ የሚወጣበትን ምልክት አድርጊ። በደንብ አድርቂው። ቦታውን ጥቁረቱ እስኪደበዝዝ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊ። ማስቲሹን ከፓቹ ሰፋ አድርገሽ በስሱ ቀቢ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ያህል ተይው። ማብረቅረቁ ጠፍቶ ሲደበዝዝ ነው ፓቹ የሚለጠፈው፤ በአውራ ጣትሽ አጥብቀሽ ተጫኚው። ከመመለስሽ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሺ። እሾኹ እዚያው ከቀረ ያንኑ ቦታ እንደገና ይበሳዋል። ጨርቁ የሚይዝበት ቦታ ላይ እሾኽ አለ።

የፖሊ ተማሪ፦ አምስት ደቂቃ ቆይቼ አላውቅም። ዛሬውኑ እሞክራለሁ።

የሁለት ልጆች አባት፦ ስለ ሳይክሉ አሳመናችሁኝ፣ ለከሰዓቱ የቤት ሥራ ግን አሁንም ስልክ ያስፈልጋታል እላለሁ። ባለ ቁልፉ ሒሳብ አያሳይም።

ጠያቂዋ፦ ስለ ስልኩ ከእናቷ ጋር ገና እየተነጋገርን ነው። ሳይክል ግን ዛሬ ያገለገለ አንድ አየሁ። ቀይ ነው፣ ብረቱ የጎበጠ፣ ለክቼው 66 መጣ። ጎማው ሲሽከረከር አይወላገድም። የፊት ፍሬኑን ይዤ ወደፊት ወደኋላ ስገፋው ግን ከመሪው ሥር ቋ ቋ ይላል።

ሳይክል ጠጋኙ፦ መሪው ሥር ያለው ኩሽኔታ ነው። ላልቶ ከሆነ ይጠብቃል። ከጠበቀ በኋላ መሪው ሲዞር ቀጭ ቀጭ ካለ አልቋል፤ ይለወጣል፣ ከባድ ነገር አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መካከለኛው ብረት ከመሪው ቧንቧ ጋር የሚገናኝበትን ከሥር በኩል እዪው። ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አለ?

ጠያቂዋ፦ ስንጥቅ የለም። እዚያ ጋ ግን ቀለሙ ከሌላው ይበልጥ ያበራል።

ሳይክል ጠጋኙ፦ እዚያ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው ሳይበየድ አልቀረም። ብየዳው እሷ ላይዋ ላይ ሳለች ቢከፈት ፊቷን ነው የምታጣው። ተይው። እንቁጣጣሽ ገና ሦስት ሳምንት አለው፤ ቅዳሜ አብረን እንፈልግ።