የማባዛት ጨዋታ በካርቶን፦ 7 ሲባዛ በ8 ላይ የቀሩብኝ ልጆች

ጠያቂ (የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት)
ካርቶን ላይ መንገድ ሥዬ ልጆቹ ሁለት ዳይስ እየጣሉ፣ የወጣውን እያባዙ ወደፊት የሚሄዱበት ጨዋታ ሠራሁ። በጣም ወደዱት። ግን ወር ሙሉ ተጫውተው 7 ሲባዛ በ8 ስላቸው አሁንም በጣት ይቆጥራሉ። 58 ተማሪ አለኝ። ምን ላስተካክል?

የ6ኛ ክፍል መምህር
ዳይሱ ነው ጥፋቱ። ከ6 ስለማያልፍ 7፣ 8 እና 9 በጭራሽ አይወጡም። ከካርቶን ሌላ ዳይስ ይሥሩና ስድስቱ ገጽ ላይ ከ4 እስከ 9 ይጻፉበት። በቃ።

አንዲት እናት
ለእኔ ልጅ ባቄላ በረድፍ መደርደር ነው የረዳት። ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አራት። አሁን 2ኛ ክፍል ናት።

ጠያቂ
አመሰግናለሁ እህቴ፤ የእኔዎቹ ትርጉሙን ያውቁታል፣ ቶሎ አይመጣላቸውም እንጂ።

ጡረታ የወጡ መምህር
ከ4 እስከ 9 የተጻፈበት ዳይስ ይጠቅማል፤ የካርቶን ዳይስ ግን የተጣበቀበት ጎን ስለሚከብድ አንዱን ቁጥር ይደጋግማል። ደግሞም ልጁ የወጣለትን ብቻ ነው የሚያባዛው። እኔ ዳይሱን ጭራሽ ተውኩት።

ከ1 እስከ 9 ያሉትን ቁጥሮች እርስ በርስ ብናባዛ የሚገኙት የተለያዩ ውጤቶች ልክ 36 ናቸው። ስለዚህ 6 በ6 ሰንጠረዥ ይሥሩና ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሙሉት፤ የመጨረሻው ረድፍ 54፣ 56፣ 63፣ 64፣ 72፣ 81 ይሆናል። ከሥሩ ከ1 እስከ 9 በአንድ መስመር ይጻፉና ሁለት ጠጠር ያስቀምጡበት። ተጫዋቹ በተራው አንዱን ጠጠር ብቻ ያንቀሳቅሳል፣ ሁለቱ ያረፉባቸውን ቁጥሮች ያባዛል፣ ውጤቱን በቆርኪ ይሸፍናል። እንደ ዳማ አንዱ ቆርኪውን ይገለብጣል፣ ሌላው ያቀናል። አራት በተከታታይ የሸፈነ ያሸንፋል።

አሁን ጠጠሮቹ 6 እና 7 ላይ ናቸው እንበል። ልጁ 54ን፣ 63ን እና 64ን ሸፍኗል፤ የቀረችው 56 ናት። «ከ7 ጋር ምን ቢባዛ 56 ይመጣል?» ብሎ ራሱ መፈለግ አለበት። 6 ላይ ያለውን ወደ 8 ካሻገረ አለቀ። ተጋጣሚውም ቀድሞ 7ን ወይም 8ን እንዳይተውለት ያስባል።

ሁለቱ ጠጠሮች አንድ ቁጥር ላይ መደራረብ እንደሚችሉ አስቀድመው ይንገሯቸው። ካልነገሯቸው 1፣ 25፣ 49፣ 64 እና 81 እስከ መጨረሻው ባዶ ይቀራሉ፤ ሕጉን እንዳልያዙት የሚያውቁት በዚያ ነው።

ጠያቂ
ጋሼ፣ ትናንት ሞከርኩት። ሁለት ለሁለት ስላጫወትኳቸው 15 ሰሌዳ በቃኝ። ግን ወረቀት የለጠፍኩበት ካርቶን ሲደርቅ ተጣመመና ቆርኪው ይንሸራተታል። ደግሞ ተሳስተው 54 ይሸፍናሉ፣ ሌላውም አያይም።

ጡረታ የወጡ መምህር
ጀርባውንም ወረቀት ይለጥፉበት፣ ከዚያ ከመጽሐፍ ሥር አሳድረው ያድርቁት። ለስህተቱ እኔ የማባዛት ሰንጠረዥ ገልብጬ አስቀምጥ ነበር፤ የሚከፈተው ሲከራከሩ ብቻ ነው።

የ6ኛ ክፍል መምህር
እኔ ጋ ግን ሰንጠረዡን እየሰረቁ ያዩታል። ከአራቱ አንዱን ዳኛ ማድረግ ይሻል ይሆን? እሱ ደግሞ ሳይጫወት ይቀራል።