አጭር ባዮ ላይ በ"እኔ" ነው በ"እሷ" የሚጻፈው? ስምስ እስከ አባት?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ፣ ብዙውን የምሠራው የመጽሐፍ ሽፋን ነው። የጋራ ኤግዚቢሽን ላይ ስራዬ ሊቀርብ ስለሆነ አዘጋጆቹ ፎቶዬ ስር የሚወጣ 50 ቃል ባዮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ላኪ አሉኝ።

መጀመሪያ "የመጽሐፍ ሽፋን እሠራለሁ፣ ፊደሉን ራሴ በእጄ ነው የምስለው" ብዬ በራሴ አንደበት ጻፍኩት። ለቴሌግራም ቻናሌ ይሆናል፣ ግን የሌሎቹ ተሳታፊዎች ሁሉ በሦስተኛ መደብ ነው የተጻፈው፣ ስለዚህ ቀየርኩት፣ እና እዚህ ጋ ተያዝኩ። "ትሠራለች" እንዳልል የሌሎቹ "ይሠራሉ" እያለ ነው የሚሄደው፣ ከነሱ ጎን ስቀመጥ ተማሪያቸው እመስላለሁ፣ "ይሠራሉ" እንዳልል ደግሞ ራሴን አንቱ ማለት በጣም ከበደኝ።

ስሙም አለ። የራሴ ስም ብቻውን በጣም የተለመደ ስለሆነ ሰርች ያደረገ ሰው እኔን አያገኘኝም፣ ከነአባቴ ስም ጻፍኩት። እንግሊዝኛውን ሲያርሙት ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ላስት ኔም መስሏቸው በአባቴ ስም ብቻ ጠሩኝ፣ ሲነበብ ሽፋኖቹን የሠራው አባቴ ነው የሚመስለው። እሱን በራሴ ስም ቀይሩልኝ ብዬ መልሼ ልኬያለሁ፣ የቀረኝ አማርኛው ነው።

እንዲህ አይነት ባዮ የጻፋችሁ ወይም ኤዲት ያደረጋችሁ፣ ሙሉ ስሜን ከላይ ለብቻው አድርጌ ከስሩ በ"እኔ" ብቀጥል ይሻላል ወይስ ከሌሎቹ ጋር እንዲሄድ "ይሠራሉ" ልበል?