ከጠረጴዛው ጫፍ ያሉት ሰዎች ድምፃቸው አይሰማም፣ ምን ላድርግ?

ሰላም፣ ድሬዳዋ ነኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ። የስብሰባ ክፍላችን ውስጥ ካሜራው ቲቪው ላይ ነው፣ ያለችን አንድ ስፒከር ማይክ ደግሞ ላፕቶፑ አጠገብ ነበረች። ጠረጴዛው 5 ሜትር ነው። በዙም ስንሰበሰብ አዲስ አበባ ያሉት ከፊት የተቀመጡትን ጥርት አድርገው ይሰማሉ፣ ከኋላ ያሉት ግን «ከጉድጓድ ውስጥ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት» ይሉናል።

ማይኳን በረጅም የዩኤስቢ ገመድ ጠረጴዛው መሃል አደረስኳት፣ ትንሽ ተሻለ። አሁን ያስቸገረኝ ቬንትሌተሩ ነው፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ማን ያጠፋዋል! ዙም ላይ የጀርባ ድምፅ ማፈኛውን ከፍ ሳደርገው ጩኸቱ ይጠፋል፣ ግን ቀስ ብላ የምታወራው የሒሳብ ሠራተኛችንም ቃሏ እየተቆራረጠ አብሮ ይጠፋል። ዝቅ ሳደርገው ቬንትሌተሩ ብቻ ነው የሚሰማው።

ወንበሮቹን ከማይኳ ከ2 ሜትር ሳይርቁ ሰብሰብ ላድርጋቸው? ካሜራው ግን ዳር ያሉትን ይቆርጣል ብዬ ፈራሁ። ወይስ ተጨማሪ ማይክ የሚሰካበት ዕቃ ልግዛ? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ሰኞ ስብሰባ አለን።