«ዛሬ ብቻ» ብዬ ልለጥፍ?

ሰይድ (ደሴ፣ ፒያሳ)፦ ለዒድ 60 ጥንድ የወንድ ጫማ በቅናሽ ላወጣ ነው። የተለጠፈበት ዋጋ 2,600 ብር ነው፤ በ1,800 ልሰጥ አስቤያለሁ። ወንድሜ «3,000 የነበረ በ1,800፣ ዛሬ ብቻ! ብለህ ለጥፍ» ይለኛል። እኔ ደስ አላለኝም። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ሀብታሙ፦ ወንድምህ ልክ ነው። ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ብትሄድ ሁሉም በር ላይ ቅናሽ ተለጥፏል። ዝም ብለህ «ቅናሽ» ብትል ማን ዞር ብሎ ያይሃል? ሰው ካልተጣደፈ «እመለሳለሁ» ብሎ ይወጣል። በዚያው ይቀራል። ንግድ ነው፣ መሐላ አይደለም።

እትዬ ከድጃ፦ ሰይድ ልጄ፣ 3,000ውን እርሳው፤ በዚያ ዋጋ ሸጠህ አታውቅም። እኔ የምጠይቅህ ስለ 2,600ው ነው። ባለፈው ወር በ2,600 የወሰደ አለ?

ሰይድ፦ እውነት ለመናገር ማንም የለም። ይከራከራሉ፣ ብዙውን ጊዜ 2,200 ላይ እንስማማለን።

እትዬ ከድጃ፦ እንግዲያው የቀድሞ ዋጋህ 2,200 ነው። የቀነስከውም 400 ብር፣ 18 በመቶ ገደማ ነው። በወንድምህ ሂሳብ ግን 40 በመቶ ሊመስል ነው። ባለፈው ሳምንት በ2,200 የገዛህ ሰው «3,000 የነበረ» ሲያነብ ምን ይላል? ለጎረቤቱም ይነግራል።

ሀብታሙ፦ የተለጠፈው 2,600 ከሆነ 2,600 ነው! ተከራክሮ ማስቀነስ የገዢው ጉብዝና ነው። ደግሞ በ18 በመቶ ማን ይመጣል?

እትዬ ከድጃ፦ በመቶኛ ይጻፍ ማን አለ? «ቁርጥ ዋጋ 1,800» ይበል። ክርክር የሰለቸው ስንት ሰው አለ መሰለህ። ቁርጥ መሆኑን ካልጻፈ ደግሞ 1,800ውንም 1,500 አድርግልኝ ይሉታል።

ቢኒያም፦ ቆይ፣ «60 ጥንድ ብቻ» ማለትም አይቻልም። በሸማቾች አዋጅ 813/2006 ያስተዋወቅከውን ለጠየቀህ ሁሉ መሸጥ አለብህ።

እትዬ ከድጃ፦ ግማሹን ነው ያነበብከው። የሚከለከለው ዕቃው ሳይበቃ ዝም ብሎ ማስተዋወቅ ነው። ውስንነቱን ማስታወቂያው ላይ ከገለፀ ይችላል። ሐሰተኛ የዋጋ ቅናሽ ግን እዚያው ተከልክሏል፤ ይሄን ለሰይድ ወንድም አንብብለት።

ሰላም (ኮምቦልቻ)፦ እኔን ልትሰድቡኝ ነው መሰል። ቤቴ ኬክ እጋግራለሁ፤ ለዒድ «30 ኬክ ብቻ፣ ፍጠኑ» ብዬ ለጥፌያለሁ። ምድጃዬ ከዚያ በላይ አይችልም። ውሸት ነው እንዴ?

እትዬ ከድጃ፦ አብሽሪ፣ ያንቺ እውነተኛ ገደብ ነው። ትዕዛዝ ሲገባ ግን ቁጥሩን ቀንሺ። 12 ሲቀርሽ «12 ቀረ» በይ፤ ሲያልቅ «አልቋል» ብለሽ ዝጊው። ሳምንቱን ሙሉ «30 ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ነው ሰው የማያምነው። ሰይድም እንደዚሁ፤ ለመሆኑ 60ው ስንት ቁጥር ነው?

ሰይድ፦ አብዛኛው 39 እና 44። 42 አምስት ጥንድ ብቻ ነው ያለኝ።

እትዬ ከድጃ፦ ዋናው ነገር እሱ ነው! ከሐይቅ ታክሲ ተሳፍሮ የመጣ ሰው 42 ሲያጣ «ማስታወቂያው ሸወደኝ» ይላል፣ ልክም ነው። ቁጥሮቹን ጻፍ። «እስከ ዒድ» ብለህም አትተው፤ ጨረቃ ካልታየች አንድ ቀን ይገፋል። የወሩን ስም፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን ጻፍ። ቅያሪ ካለ ቅያሪ፣ ከሌለም የለም በል፤ ከከፈለ በኋላ አትንገረው።

ቢኒያም፦ የመጨረሻው ቀን ደርሶ 20 ጥንድ ቢተርፍስ? 39 ቁጥር በ2,200 ማን ይገዛዋል?

ሀብታሙ፦ ያራዝማላ! ሁሉም የሚያደርገው ነው።

እትዬ ከድጃ፦ ተበድሮ በቀኑ የመጣውስ? «ምነው ባልቸኮልኩ ኖሮ» አይልም? እኔ ብሆን ወደ 2,200 እመልሰዋለሁ።

ቢኒያም፦ ይሄ ላይ አልስማማም። «እነዚህ ቁጥሮች ተርፈዋል፣ አሁንም 1,800 ነው» ብሎ በግልፅ ቢጽፍ ምኑ ነው ማጭበርበር? ቀኑን ያስቀመጠው በቅን ልቡና ነው።

ሰላም፦ እኔ የትናንት ኬክ ሁሌም ዋጋ እቀንሳለሁ፤ የተቆጣኝ የለም።

እትዬ ከድጃ፦ ኬክ ሲያድር ይደርቃል፣ ጫማ ግን ቢያድርም ያው ነው ሰላም።

ሰይድ፦ እሺ፣ እንዲህ ብዬዋለሁ፦ «የወንድ ጫማ፣ ቁርጥ ዋጋ 1,800 ብር። ብዙ ጊዜ የምንሸጠው በ2,200 ነበር። 60 ጥንድ አለ፤ ብዙው 39 እና 44፣ 42 ቁጥር አምስት ጥንድ ብቻ። በሁለት ቀን ውስጥ፣ ካልተጫማችሁት በሌላ ቁጥር እንቀይራለን።» የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ከወንድሜ ጋር ተነጋግሬ ከታች እጨምራለሁ።

ሀብታሙ፦ ረዘመ። በሩ ላይ ቆሞ ይሄን ሁሉ የሚያነብ የለም።

እትዬ ከድጃ፦ 1,800 እና ቀኑ በትልቁ ይጻፍ፣ ሌላው ከሥሩ። ስለ ማራዘሙ ግን ቢኒያም፣ አላሳመንከኝም።