1ኛ እና 3ኛ ክፍልን አንድ ላይ ለሚያስተምር የ40 ደቂቃ የንባብ ትምህርት፦ ሁለተኛው ዙር ላይ ተቸግሬያለሁ

ሰላም መምህራን፣ አንድ የትምህርት ዕቅድ ላይ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች አጭር ታሪክ ለሁሉም ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቀጥሎ 15 ደቂቃ ከ1ኛ ክፍል ጋር ፊደል እንሠራለን፤ 3ኛ ክፍሎች በዚያ ጊዜ ምንባቡን በለሆሳስ አንብበው ሦስት ጥያቄ ይመልሳሉ። ከዚያ እንቀያየራለን፣ የቀረው 5 ደቂቃ ለማጠቃለያ ነው።

የመጀመሪያው ዙር ደህና ነው፤ የታናናሾቹ የኅብረት ድምፅ እንዳይረብሽ ሁለቱን ቡድኖች ጀርባ ለጀርባ ማስቀመጡ ረድቷል። የሚፈርሰው ሁለተኛው ዙር ላይ ነው። 1ኛ ክፍሎች የጽሑፍ መመሪያ ገና ማንበብ ስለማይችሉ በየደቂቃው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ፣ የ3ኛ ክፍል ውይይትም ይቋረጣል። ፊደል ገልብጡ ስላቸው በ6 ደቂቃ ይጨርሳሉ፤ ሳያነቡም መገልበጥ ይቻላል።

አሁን በጥንድ የሚሠሩባቸው 8 ካርዶች አሉ፤ ፊት ለፊት ቃል፣ ጀርባው ላይ ሥዕል። የሳምንቱ ትኩረት «ኩ» እና «ኪ» ስለሆነ «ኩባያ» እና «ኪስ» አሉበት። ልዩነቱ ቅጥያዋ ወገቡ ላይ ወይስ እግሩ ላይ መሆኗ ብቻ ስለሆነ በደንብ ማየት ይጠይቃል። ልጆቹ ግን መጀመሪያ ካርዱን ገልብጠው ሥዕሉን ያዩና ቃሉን ይናገራሉ። «ኩ»ን ብቻውን ሳሳያቸው «ኪ» ይሉኛል።

ሥዕሉን ላውጣው? ያኔ ትክክል መሆናቸውን ያለ እኔ በምን ያረጋግጣሉ? ወይስ ከ3ኛ ክፍል አንድ ልጅ በየተራ አብሯቸው ቢቀመጥ ይሻላል? እሱ ግን የራሱን ውይይት እንዳያጣ እሰጋለሁ። ይህን 15 ደቂቃ የሞከረ ሰው ምን እንዳሠራቸው በዝርዝር ቢጽፍልኝ።