ቦነሱን ሳካፍል 20,000 ብር ተረፈኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ አንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ እሠራለሁ። 120,000 ብር የትርፍ ቦነስ ለሦስት ሠራተኞች እንዳከፋፍል ተነግሮኝ ጭንቅ ላይ ነኝ። ደመወዛቸው 12,000፣ 8,000 እና 10,000 ነው። ሦስተኛው በጥር ስለተቀጠረ እስከ ሰኔ 6 ወር ብቻ ነው የሠራው።

መጀመሪያ በደመወዝ ብቻ አካፈልኩ። የእሱ 40,000 መጣ። በግማሽ ስቆርጠው 20,000 ብር ባለቤት አጣ። ከዚያ የእያንዳንዱን ደመወዝ በሠራበት ወር አባዝቼ ደመርኩ፤ 300,000 ሆነ። 120,000ውን ለዚህ ሳካፍል 0.40 ወጣ። ስለዚህ 57,600፣ 38,400 እና 24,000 ደረሳቸው፤ አንድ ብር አልተረፈም።

አሁን የያዘኝ የሁለተኛዋ ነገር ነው። ደመወዟ ከመጋቢት ጀምሮ ወደ 9,500 አድጓል፤ እኔ ግን በድሮው ነው ያሰላሁት። 12ቱንም ወር በአዲሱ ልቁጠርላት፣ ወይስ 8ቱን በድሮው፣ 4ቱን በአዲሱ? ሁሉንም በአዲሱ ካልኩ የሌሎቹ ድርሻ የበለጠ ይቀንሳል። ማንንም መበደል አልፈልግም። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ ክፍያው ዓርብ ነው።